ከጥምቀት በኋላ እጥፍ የሆነው ኢንቮይስ፦ ሶፍትዌሩ ምን ቆጥሮ ነው?

ጎንደር ውስጥ እንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ጥምቀት ሲደርስ ሠራተኛ ይጨምራል። ይህ የኖረ ነገር ነው። ከከተራ በፊት ባሉት ቀናት ክፍሎች ይሞላሉ፤ ወጥ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ሪሴፕሽን ላይ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። አሁን አሁን እያንዳንዱ ጊዜያዊ ሠራተኛ ከደመወዙ ሌላ ሶፍትዌሩም ላይ ዋጋ አለው። ክፍል የሚያስይዘውና የእንግዳ ሂሳብ የሚዘጋው ሶፍትዌር የሚያስከፍለው በዩዘር ቁጥር ነውና።

በዓሉ ያልፋል፤ እንግዳው ይሸኛል፤ ኢንቮይሱ ይመጣል። አብዛኛው ሰው የሚያየው ታች ያለውን ድምር ብቻ ነው። ድምሩ ከለመደው እጥፍ ከሆነ “በላኝ” ይላል። እኔ እስካየሁት ድረስ ብዙ ጊዜ ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ወር መቀመጡ ነው፤ ያለፈው ወር ለውጥና የሚመጣው ወር ሙሉ ክፍያ። ይህን ያልለየ ሰው የቱ ገንዘብ ተገቢ እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ በራሱ ዝንጋታ እንደወጣ ማወቅ አይችልም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። አሠራሩ ግን በየቀኑ የሚገጥም ነው።

ኢንቮይሱ

ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ እንግዳ ማረፊያ አራት ዩዘር አላት እንበል፤ ባለቤቷ፣ ሂሳብ ሠራተኛዋና ሁለት ሪሴፕሽኖች። ሶፍትዌሩ የውጭ ነው፤ ክፍያው በዶላር ነው። አንድ ዩዘር በወር 15.50 ዶላር ያስከፍላል። ከዚህ ሌላ ሁለት ተጨማሪ አገልግሎቶች ተገዝተዋል። አንዱ የሪፖርት አገልግሎት ነው፤ በዩዘር 3.10 ዶላር። ሁለተኛው የማረፊያዋን ክፍሎች ከቡኪንግ ዶት ኮም ዓይነት ገጾች ጋር የሚያገናኘው ነው፤ ዩዘር በዛም አነሰም በወር 20 ዶላር። ሲደመር 94.40 ዶላር ይሆናል። ባለቤቷ የምታውቀው ይህን ቁጥር ነው።

ሂሳቡ በየወሩ በፈረንጆቹ 5ኛ ቀን ይዘጋል። ታኅሣሥ 27 ቀን 2018፣ ማለትም ጃንዋሪ 5፣ የተለመደው 94.40 ተከፈለ። ጥር 7 ቀን ሦስት ጊዜያዊ ሠራተኞች ገቡና ሦስት ዩዘር ተጨመረ። ጥር 16 ቀን ሠራተኞቹ ተሸኙ፤ ባለቤቷም እዚያው ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብታ አካውንታቸውን ዘጋች። ጥር 28፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 5፣ ይህ መጣ፦

```
Unused time on 4 × Standard after 15 Jan 2026      -42.00
Remaining time on 7 × Standard after 15 Jan 2026    73.50
Unused time on 4 × Reports after 15 Jan 2026        -8.40
Remaining time on 7 × Reports after 15 Jan 2026     14.70
7 × Standard (5 Feb – 5 Mar 2026)                  108.50
7 × Reports (5 Feb – 5 Mar 2026)                    21.70
1 × Channel Manager (5 Feb – 5 Mar 2026)            20.00
Total                                              188.00
```

94.40 የጠበቀ ሰው 188 ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ ከ14,160 ብር ወደ 28,200 ብር መዝለል ነው።

ድንጋጤውን የሚያባብሰው ሌላም ነገር አለ። እኛ አካባቢ እንዲህ ያለው ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። አሜሪካ ያለችው እህት 188 ዶላር ከካርዷ ሲቆረጥ ታያለች፤ ኢሜይል የሚደርሳትም እሷን ነው። ጎንደር የሚላከው “ዛሬ ይሄን ያህል ቆርጠዋል፣ ምንድነው?” የሚል የቴሌግራም መልእክትና የክፍያ ማረጋገጫው ስክሪንሾት ነው። ማረጋገጫው ላይ ድምሩ እንጂ መስመሮቹ የሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ዝርዝሩ ያለበት ኢንቮይስ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ `Billing` በሚለው ገጽ ስር በፒዲኤፍ ይገኛል።

የመቀነስ ምልክት ያለባቸው መስመሮች

መጀመሪያ ግራ የሚያጋቡት ላይኞቹ አራት መስመሮች ናቸው። “42 ዶላር መለሱልኝ እንዴ? መልሰውስ ለምን 73.50 ጠየቁኝ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በወሩ መሀል የዩዘር ቁጥር ሲቀየር ሲስተሙ “ሦስት ጨምር” ብሎ አያሰላም። አሮጌውን ውል ከዚያ ቀን ጀምሮ ያፈርስና ለቀሩት ቀናት አዲስ ውል ይሸጣል። ጃንዋሪ 5 ላይ የአራት ዩዘር ሙሉ ወር ተከፍሏል። ጃንዋሪ 15 ላይ ቁጥሩ ሲቀየር ገና ያልተበላ 21 ቀን ነበር። የዚያ 21 ቀን የአራት ዩዘር ገንዘብ ይመለሳል፤ `Unused time` የሚለው እሱ ነው። ከዚያ ያው 21 ቀን በሰባት ዩዘር ሂሳብ እንደገና ይሸጣል፤ `Remaining time` የሚለው ደግሞ ይህ ነው።

እናስላው። የጃንዋሪ ዙር 31 ቀን አለው። 15.50 ለ31 ሲካፈል በቀን 50 ሳንቲም ነው። 21 ቀን በ50 ሳንቲም 10.50 ዶላር ይመጣል። በአራት ዩዘር 42፣ በሰባት ዩዘር 73.50። ልዩነቱ 31.50 ነው፤ እሱም የሦስቱ አዲስ ዩዘሮች የ21 ቀን ዋጋ ነው። ሪፖርቱም እንዲሁ ነው፤ በቀን 10 ሳንቲም፣ ለሦስት ዩዘር፣ ለ21 ቀን 6.30።

ስለዚህ አራቱ መስመሮች ተጣጥፈው አንድ ነገር ናቸው፦ 37.80 ዶላር፣ ጃንዋሪ 15 የገቡት ሦስት ዩዘሮች እስከ ፌብሩዋሪ 5 ያለው ዋጋ። ያለፈ ወር ዕዳ ነው። ያኔ ያልተጠየቀው ብዙ ሲስተሞች የመሀል ለውጥን ይዘው ቆይተው ከሚቀጥለው ኢንቮይስ ጋር ስለሚልኩት ነው። ወዲያውኑ ካርድ የሚቆርጡም አሉ። የትኛው እንደሆነ ዩዘሩን ከማጽደቅ በፊት በሚመጣው ገጽ ላይ ይታያል። `Due today` አጠገብ ዜሮ ካለ ገንዘቡ ቀረ ማለት አይደለም፤ ወደፊት ተገፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቀን ስንቆጥር የምንሳሳተው በካላንደሩ ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜ በቀር ሁሌም 30 ነው፤ የእነሱ ይለያያል። በእኛ አቆጣጠር ይሄው ሂሳብ አንዴ ታኅሣሥ 27፣ አንዴ ጥር 28፣ አንዴ የካቲት 26 ይዘጋል። ያው 15.50 ዶላር በጃንዋሪ ዙር በቀን 50 ሳንቲም ሆኖ ሳለ በ28 ቀኑ የፌብሩዋሪ ዙር 55 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። በ30 ቀን እያካፈሉ ከኢንቮይሱ ጋር ለማስታረቅ መሞከር ብዙ ጊዜ ሳንቲም ያጎድላል ወይም ያተርፋል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ብዙ ሲስተም የሚቆጥረው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ለጥር 7 አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ዩዘር ብትጨምሩ ኢንቮይሱ ላይ የሚጻፈው ጃንዋሪ 14 ነው። የአንድ ቀን ልዩነት አይታችሁ “አጭበረበሩ” ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሠራተኛው ወጥቷል፣ ላይሰንሱ ግን አለ

አሁን ታችኞቹን ሦስት መስመሮች እንይ። `1 × Channel Manager` 20 ዶላር፤ ንግግር የለውም። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ፊታቸው ላይ 7 የሚል ቁጥር አላቸው። ፌብሩዋሪ 5 ላይ ማረፊያዋ ውስጥ የሚሠሩት አራት ሰዎች ናቸው። ታዲያ ሰባት ከየት መጣ?

ገንዘቡ በእርግጥ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው። ባለቤቷ ጥር 16 ቀን ያደረገችው ሦስቱ ሰዎች እንዳይገቡ መዝጋት ነው። የገዛችው የላይሰንስ ቁጥር፣ ማለትም ለስንት ዩዘር እንደምትከፍል፣ ግን ሌላ ቦታ ላይ የተጻፈ ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ቢወጣም ቼክ አውት እስካልተደረገ ድረስ ክፍሉ ተይዟል እንደሚባለው ነው። ሰዎቹን የምናስወጣው `Users` በሚለው ገጽ ነው፤ ቁጥሩን የምንቀንሰው ደግሞ `Billing` ውስጥ ገብተን ነው። በአንዳንድ ሶፍትዌር አንዱ ሲነካ ሌላውም ይስተካከላል፤ በብዙዎቹ ግን አይስተካከልም። ሲጨመር ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል! አዲስ ሰው `Invite` ስትሉ ላይሰንስ ከሌለ እዚያው ተገዝቶ ይገባል። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ነው።

ይህ የትንንሽ ድርጅቶች ጠባይ ብቻ አይደለም። ጉግል ወርክስፔስን ብንወስድ የታገደ ዩዘር እንደሚሠራ ዩዘር ይከፈልበታል። በዓመታዊ ውል ላይ ያለ ሰው ደግሞ ላይሰንስ በፈለገ ጊዜ መጨመር ይችላል፤ መቀነስ የሚችለው ግን ውሉ ሲታደስ ነው። የማይክሮሶፍት 365 ውል ከተጀመረ ወይም ከታደሰ በኋላ ላይሰንስ ለመቀነስ የሚሰጠው ጊዜ ሰባት ቀን ነው። በዓመት መክፈል ቅናሽ አለው ተብሎ ለሰባት ሰው የፈረመ የጎንደር ነጋዴ ክረምቱንም ለሰባት ሰው ይከፍላል። ሥራው ወቅት ለሚጠብቅ ሰው ወር በወር መክፈል ትንሽ ቢወደድም ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ማረፊያችን እንመለስ። ሦስቱ ትርፍ ላይሰንሶች ከነሪፖርታቸው በወር 55.80 ዶላር ናቸው። አሁን ድምሩ ተፈታ። የተለመደው 94.40፣ የጥምቀት ሰሞኑ 37.80፣ የሌሉት ሰዎች 55.80፤ አንድ ላይ 188። ሁለተኛው ቁጥር ተገቢ ዕዳ ነው፤ ቢከራከሩም አይሆንም። ሦስተኛው ግን መክፈል ያልነበረባት ነው።

ጥር 16 ቀን ቁጥሩን ከሰባት ወደ አራት ብትመልሰውስ ኖሮ? ያኔ እስከ ፌብሩዋሪ 5 ድረስ 12 ቀን ቀርቶ ነበር። ሲስተሙ በመቀነስም ተመላሽ የሚያስብ ከሆነ የ12 ቀን የሦስት ዩዘር 21.60 ዶላር ይቀነስላትና ኢንቮይሱ 110.60 ይሆን ነበር። የጥምቀት ሰሞን ትክክለኛ ዋጋ እንግዲህ 16.20 ዶላር ነው፤ ሦስት ሰው፣ ዘጠኝ ቀን፣ በቀን 60 ሳንቲም። በ150 ብር ብናስበው 2,430 ብር። ለሰባቱም ሰው አንድ ፓስወርድ ሰጥተው የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ማታ ላይ ካዝናው ጎድሎ ሲገኝ ሂሳቡን የሰረዘው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም አንድ ስም ነውና። ለ2,430 ብር ብሎ እዚያ ውስጥ መግባት አያዋጣም። ውሉም ብዙ ጊዜ አይፈቅደውም።

ሁሉም ሲስተም ግን ለመቀነስ ተመላሽ አያስብም። አንዳንዱ ቅነሳውን ይቀበልና ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ይሠራል ይላል። በዚህ ሕግ ጥር 16 ብትቀንሰውም ኢንቮይሱ 132.20 ነበር፤ 37.80 ሙሉውን ትከፍላለች። ሌላው ደግሞ በወሩ ውስጥ የታየውን ከፍተኛ የዩዘር ቁጥር ይዞ ለሙሉው ወር ያስከፍላል። እንዲህ ያለው ጋ ለሁለት ቀን የተጨመረ ሰውም የወር ዋጋ አለው፤ ቀን መቁጠር ምንም አይጠቅምም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ውሉን መግለጥ ሳያስፈልግ ኢንቮይሱ ራሱ ይናገራል። ለጨመሩበትም ለቀነሱበትም ቀን `Unused time` የሚል ካለ የመጀመሪያው ነው። ለጨመሩበት ብቻ ካለ ሁለተኛው። የመሀል ቀን የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለና ቁጥሩ ብቻ ካደገ ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም።

የሪፖርቱ ነገር

እዚህ ላይ እኔን የሚያበሳጨኝ አንድ ነገር አለ። ሪፖርቱን የሚያነበው ማን ነው? ባለቤቷና ሂሳብ ሠራተኛዋ። የሌሊት ሪሴፕሽኑ የወር ገቢ ሪፖርት አያይም፤ እንዲያይም አይፈለግም። ግን በዩዘር የሚከፈል ተጨማሪ አገልግሎት ብዙ ጊዜ የዋናውን ቁጥር ተከትሎ ያድጋል። ስለዚህ ሦስት የበዓል ሠራተኛ ሲገባ ሪፖርቱም በሦስት ይጨምራል። 3.10 ዶላር ለብቻው ሲታይ ኢምንት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

አንዳንድ ድርጅት ግን ተጨማሪውን ለተወሰኑ ዩዘሮች ብቻ መስጠት ይፈቅዳል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ “ሪፖርቱን ለሁለት ዩዘር ብቻ መግዛት እችላለሁ?” መልሱ አዎ ከሆነ ወርኃዊው 12.40 ወደ 6.20 ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የበዓል ሰሞን ሲመጣ አብሮ አያብጥም። አይቻልም ካሉ የአንድ ዩዘር እውነተኛ ዋጋ 15.50 ሳይሆን 18.60 መሆኑን ይዞ ማስላት ነው።

ጥር 30 ላይ የሚደረገው

ኢንቮይሱ ከተከፈለ በኋላም ጊዜው አላለፈም። ባለቤቷ ጥር 30፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 7፣ `Billing` ውስጥ ገብታ ሰባቱን ወደ አራት አወረደች እንበል። ከ28ቱ ቀን 26ቱ ገና አልተበላም። ተመላሽ የሚያስብ ሲስተም ከሆነ 55.80 በ26 ተባዝቶ ለ28 ሲካፈል 51.81 ዶላር ይመጣል። የጠፋው ወደ አራት ዶላር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ወር ብትዘነጋው ኖሮ ሙሉው 55.80 ይሄድ ነበር፤ በሚቀጥለውም ወር እንደገና።

ይህ 51.81 ግን አሜሪካ ወዳለችው እህት ካርድ አይመለስም። አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ ውስጥ ቀሪ ሂሳብ ሆኖ ይቀመጥና ከሚቀጥለው ኢንቮይስ ይቀነሳል። ገንዘቡ ወደ ካርድ እንዲመለስ የሚፈልግ ሰው ለድርጅቱ መጻፍ አለበት። ሲጽፍም “ብዙ ቆረጣችሁብኝ” ከማለት ይልቅ የኢንቮይሱን ቁጥር፣ መስመሩንና ቀኑን ይጥቀስ፦ ሦስቱ ዩዘሮች ከጃንዋሪ 24 ጀምሮ አልገቡም፣ የመግቢያ መዝገቡን ማየት ትችላላችሁ፣ የፌብሩዋሪውን ክፍያ መልሱልኝ። የመመለስ ግዴታ ላይኖርባቸው ይችላል። ያልተሠራበት አካውንት መሆኑ መዝገብ ላይ ስለሚታይ ግን እሺ የሚሉ አይጠፉም።

ዕዳው በዶላር መሆኑም ሌላ ጣጣ አለው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ያው 94.40 ዶላር በብር ሲታይ ከወር ወር አንድ ዓይነት አይደለም። ለእህት የሚመለሰው ብር ከባለፈው ወር ከበለጠ መጀመሪያ የዶላሩ ቁጥር ተቀይሮ እንደሆነ ይታይ። ዶላሩ ያው ከሆነ ነገሩ የምንዛሬ ነው፤ ከሶፍትዌሩ ድርጅት ጋር የሚያጨቃጭቅ የለም።

የካቲት 26 ቀን ማርች 5 ነው። የዚያን ቀን ኢንቮይስ የአራት ዩዘሩን 94.40 ይዞ ይመጣና 51.81 ተቀንሶለት 42.59 ይሆናል። ለእህት አስቀድሞ ቢነገራት ደግ ነው፤ ከካርዷ 42.59 ብቻ ሲቆረጥ ሶፍትዌሩ የረከሰ እንዳይመስላት። መጋቢት 27 ላይ ተመልሶ 94.40 ነው።